የቀን ተማሪ በግቢው ውስጥ በሳምንት ስንት ሰዓት ይሥራ?

ሰንጋ ተራ ላይ ሠርቶ መማር አዲስ ነገር አይደለም። በ1935 ዓ.ም. የተከፈተው የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት፣ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው «ኮሜርስ»፣ ለአሥርተ ዓመታት የቆየው የባንኮች ዋና መሥሪያ ቤቶች በተደረደሩበት በዚህ ሰፈር ነው። ቀን ሲሠራ የዋለ ሰው ከሥራ ሲወጣ በእግሩ ተሻግሮ የማታ ክፍል ይገባ ነበር። የማታ ተማሪው ደመወዝ አለው፤ የጎደለው ጊዜ ነው። የቀን ተማሪው ግን ጊዜ ያለው ይመስላል እንጂ ኪሱ ባዶ ነው። በገዛ ግቢው ውስጥ፣ በቤተ መጻሕፍቱ ወይም በኮምፒውተር ክፍሉ፣ ተከፍሎት ይሥራ ወይስ አይሥራ የሚለው ክርክር የሚነሣው ከዚህ ነው። ዩኒቨርሲቲው በ2015 ዓ.ም. ራስ ገዝ ከሆነና ከፍሎ መማር የቀን ተማሪውንም መንካት ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ጥያቄው ይበልጥ ከብዷል።

ይሥራ የሚሉት የሚያነሡት ጉዳይ ቀላል አይደለም። የመንግሥት ተማሪ ምግቡና መኝታው በወጪ መጋራት ተሸፍኖ፣ ከትምህርት ወጪውም 15 በመቶው በስሙ ተመዝግቦ፣ ዕዳውን ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ይከፍላል። ይህ አሠራር ራቱን እንጂ የፎቶ ኮፒውን፣ የሳሙናውን፣ የኢንተርኔቱን ወጪ አይሸፍንም። ከቤተሰቡ ጋር እየኖረ የሚመላለሰው የአዲስ አበባ ልጅ ደግሞ ታክሲው ብቻውን ይፈትነዋል። እንዲህ ያለው ተማሪ ገንዘብ ማግኘቱ አይቀርም፤ ቤት ለቤት ያስጠናል፣ ሱቅ ይቆማል፣ ለሰው የመመረቂያ ጽሑፍ ይተይባል። የግቢ ሥራ ቢኖር ቢያንስ ከክፍሉ ሁለት ደቂቃ ርቆ፣ የፈተና ሳምንቱን ከሚያውቅ አለቃ ጋር ይሠራ ነበር።

ተቃዋሚዎቹ መልሳቸውን የሚያገኙት ከሥርዓተ ትምህርቱ ነው፤ እኔንም የበለጠ ያሳሰበኝ ይህ ስሌት ነው። በዩኒቨርሲቲዎቻችን ብዙ ሥርዓተ ትምህርቶች አንድ ኢሲቲኤስ 27 የሥራ ሰዓት ተብሎ ይታሰባል፤ ክፍል መቀመጡም፣ ማንበቡም፣ የቤት ሥራውም በዚያ ውስጥ ነው። በአንድ ወሰነ ትምህርት 30 ኢሲቲኤስ የያዘ ተማሪ 810 ሰዓት ይጠበቅበታል ማለት ነው። ለ16 ሳምንት ሲካፈል በሳምንት 50 ሰዓት ገደማ ይደርሳል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለአንድ ሠራተኛ የወሰነው መደበኛ ጣሪያ 48 ሰዓት ነው። ተማሪው ሥራ ሳይጀምር በወረቀት ከሠራተኛው በላይ ይሠራል። በዚህ ላይ 20 ሰዓት ቢጨመር 70 ይሆናል፤ 10 ቢጨመር 60። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ዲግሪ የሚሰጠው የመውጫ ፈተናውን በ50 በመቶ ላለፈ ብቻ በመሆኑ፣ የተሸረፈው የጥናት ሰዓት ዋጋው መጨረሻ ላይ ይመጣል።

በእርግጥ ሁሉም ተማሪ 50ውን ሰዓት ያጠናል የሚል የለም። ነገር ግን የሰዓት ገደብ የሚወጣው ትርፍ ጊዜ ላለው ጎበዝ ሳይሆን ገንዘቡን ፈልጎ እምቢ ማለት ለማይችለው ነው።

ውጭ አገር ያለውን አሠራር የሚጠቅሱ ሰዎች ብዙ ጊዜ አሜሪካን ያነሣሉ፤ እዚያም ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይደባለቃሉ። በተማሪ ቪዛ የሄደ ኢትዮጵያዊ ትምህርት በሚሰጥበት ወቅት በግቢው ውስጥ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት፣ በዕረፍት ወቅት ሙሉ ጊዜ መሥራት ይፈቀድለታል። ሃያው ሰዓት የሚቆጠረው ተደምሮ ነው፤ ቤተ መጻሕፍት 12፣ ካፍቴሪያ 10 ቢሠራ ሕግ ጥሷል፤ የቪዛ ሁኔታውንም አደጋ ላይ ይጥላል። የፌዴራል መንግሥቱ «ወርክ ስተዲ» ግን ሌላ ነው። በ1964 እ.ኤ.አ. የተጀመረ፣ የቤተሰብ ችግር ታይቶ ለዜጎች፣ ለግሪን ካርድ ባለቤቶች፣ ለስደተኞችና ለመሳሰሉት የሚሰጥ ድጎማ ነው። በዲቪ የገባው ልጅ ያመለክታል፤ በተማሪ ቪዛ የገባው ጓደኛው አይችልም።

የተመደበለትም ቢሆን በደብዳቤው ላይ ያየውን ገንዘብ ዝም ብሎ አይቀበልም። 3,000 ዶላር ተመደበልህ ቢባልና ሰዓቱ በ15 ዶላር ቢታሰብ፣ 200 ሰዓት ሠርቶ የሚያገኘው ነው፤ ለ30 ሳምንት ሲከፋፈል በሳምንት ሰባት ሰዓት አይሞላም። ሥራውን ፈልጎ ካላገኘ አንድ ሳንቲም የለም። ቤተሰብ ግን ብዙ ጊዜ ገንዘቡን ከትምህርት ክፍያው ላይ ቀድሞ ይቀንሰዋል፤ ክፍያው ሲደርስ ይደነግጣል። ከዚህ ለእኛ የሚጠቅመው ነገር አለ፦ ትክክለኛውን ገደብ ብዙ ጊዜ የሚወስነው ሕጉ ሳይሆን በጀቱ ነው።

ማን ይቀጠር በሚለውም ሁለቱ ወገኖች ይለያያሉ። አንዱ ወገን ለችግረኛ ይሰጥ ይላል። ችግርን የሚያረጋግጠው ግን ከወረዳ የሚመጣ የድጋፍ ደብዳቤ ነው፤ ደብዳቤው ለማን እንደሚቀልና ለማን እንደሚከብድ ሁላችንም እናውቃለን። ከሩቅ ገጠር የመጣው ልጅ ለአንድ ማኅተም አገር ቤት ሊመለስ ነው። ሌላው ወገን በውጤት ይሁን ይላል፤ ይህ ግልጽ ነው፣ ዘመድ አያስገባም፣ ሆኖም ገንዘቡ የሚደርሰው ለማጥናት ጊዜ ለነበረው ነው። እኔ የማዘነብለው ወደ ችግሩ ነው፤ ውጤት መግቢያ ሳይሆን ማቆሚያ ይሁን። ውጤቱ ማስጠንቀቂያ ላይ የደረሰ ተማሪ ሥራውን ለአንድ ወሰነ ትምህርት ያቋርጥ። የአንደኛ ዓመት ተማሪም ግቢውን እስኪለምድ ይቆይ።

ሰው እምብዛም የማያነሣው የሕግ ክፍተትም አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ከለማጅነት በቀር ለትምህርት ወይም ለሥልጠና የሚደረግ ውልን ከወሰኑ ያስወጣል፤ የራሳቸው ልዩ ሕግ ያላቸውን የመንግሥት ሠራተኞችንም እንዲሁ። ከመጽሐፍ መደርደሪያ መሰላል ላይ የወደቀ ተማሪ ማን ያሳክመዋል? «ተማሪ እንጂ ሠራተኛ አይደለም» የሚል መልስ ሊገጥመው ይችላል። በግሉ ዘርፍ እንኳ በሕግ የተወሰነ ዝቅተኛ ደመወዝ በሌለበት አገር፣ የሰዓቱ ክፍያም አሠሪው ክፍል የፈቀደው ሊሆን ነው። ስለዚህ ሰዓቱ፣ ክፍያውና የጉዳት ካሳው በጽሑፍ ያልሰፈረበት የግቢ ሥራ ባይጀመር ይሻላል የሚሉት ተቃዋሚዎች እውነት አላቸው።

ውሉ ከተጻፈ ግን በሳምንት 10 ሰዓት ተገቢ ይመስለኛል። የሚቆጠረው በሳምንት ይሁን፤ በወር 40 ከተባለ ምዝገባ ሲደርስ ሬጅስትራር ቢሮው አርባውንም በአንድ ሳምንት ይጨርሰዋል። ተማሪው ገደቡን ቢያልፍም ተጠያቂው የሰዓት መቆጣጠሪያውን የፈረመው ኃላፊ ይሁን። ውጤት የሚመዘገብበት ቦታ ላይ ደግሞ ተማሪ ጭራሽ አይመደብ።

ከሁሉ የሚከብደኝ የሌሎች ሰዎች እንጀራ ነው። ካፍቴሪያ የሚያበስሉት፣ ግቢውን የሚጠርጉት እናቶች በዚያ ገቢ ልጆች ያሳድጋሉ። በርካሽ የሚገኝ ተማሪ ሲመጣ መጀመሪያ የሚነካው የእነሱ ቦታ ነው። በዚህ ላይ መካከለኛ መንገድ አይታየኝም፤ ተማሪ የሚመደበው ዛሬ ማንም ተቀጥሮ በማይሠራው ሥራ ላይ ብቻ መሆን አለበት፦ ቤተ መጻሕፍቱን ማታ ሁለት ሰዓት አስረዝሞ መክፈት፣ የሂሳብ አያያዝ ትምህርት ለከበዳቸው ታናናሾች ማስጠናት፣ ለዓይነ ስውራን ተማሪዎች ማንበብ። እንዲህ ያለው ሥራ ጥቂት ነው፤ የሚያገኙትም ጥቂት ተማሪዎች ይሆናሉ።