«ተጠቃሚው ጥሎት ሄዷል» ይላሉ። ማን ነው ጥሎ የሄደው?

ወዳጆቼ፣ ግራና ላይ ያስተማርኳችሁ ልጆቼም፣ ዛሬ ትንሽ ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፤ ታገሱኝ። ንዴት አለበት፤ ግን ንዴት ብቻ አይደለም፤ የሚጠቅም ነገርም አለው።

ከተማሪዎቼ አንዱ ዛሬ ፎቶ አንሺ ነው። ግራናና መርሳ ሰርግ ያነሳል፣ ክርስትና ያነሳል፣ ተዝካርም ያነሳል። ኮምፒውተሩ አሮጌ ስለሆነ ያነሳውን በሙሉ አንድ የውጭ አገር ካምፓኒ በነፃ በሚሰጠው የፎቶ ማስቀመጫ ላይ ይጭን ነበር። 2,300 ገደማ ፎቶ ነበረው። ለመጨረሻ ጊዜ ገብቶ ያየው ሰኔ 18 ቀን 2015 ነው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በሐምሌ መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ መጣ፣ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋ፣ ለወራትም እንደተዘጋ ቆየ። ልጁ እንደገና መግባት የቻለው ነሐሴ 2016 ላይ ነው። አካውንቱ ይከፈታል፤ ውስጡ ግን ባዶ ነው። አንድ ፎቶ የለም።

ኢሜይል ጻፈ። የመጀመሪያውን አሳይቶኛል፦ «ፎቶዎቼ በሙሉ ጠፉብኝ። የሰው ሰርግና የሞቱ ሰዎች ፎቶ አለበት። እባካችሁ መልሱልኝ፣ እግዚአብሔር ይስጣችሁ።» በማግስቱ መልስ መጣለት፤ መልሱን የላከው ሰው አይደለም፣ ማሽን ነው። «ለ12 ወራት ያልተጠቀሙበት አካውንት እንደተተወ ይቆጠራል፤ ይዘቱም ይሰረዛል። አስቀድመን በኢሜይል አሳውቀንዎታል።»

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። «በኢሜይል አሳውቀንዎታል።» በየት በኩል? ኢንተርኔቱ ተዘግቶ ማስጠንቀቂያውን የላኩት በዚያው በተዘጋው ኢንተርኔት እኮ ነው! በሩ ከውጭ የተቆለፈበትን ሰው «ደብዳቤውን በሩ ስር አስገብተንልሃል፤ ወጥተህ ለምን አልፈረምክም?» እንደማለት ነው።

አንዳንዶቻችሁ የምትሉትን አውቃለሁ፤ ልጁም ሰፈር ውስጥ ሰምቶታል። «ነፃ ነገር ነው፣ ምን ይጠብቃል? ደንቡን አላነበበም?» አንብቦታል እንበል። ደንቡ የሚለው «12 ወር ካልገባህ ጥለኸው ሄደሃል» ነው። በሰላም አገር ደንቡ ትርጉም አለው። ሰርቨር ገንዘብ ይበላል፤ ሰው አካውንት ከፍቶ ረስቶት ይቀራል፤ የተረሳ አካውንትም ለሌባ ይመቻል። ጎግልም ከታኅሣሥ 2023 (በፈረንጆቹ) ጀምሮ ለሁለት ዓመት ማንም ያልገባባቸውን የግል አካውንቶች መሰረዝ የጀመረበት አንዱ ምክንያት ይሄው የደህንነት ጉዳይ ነው። እስከዚህ ድረስ ጠብ የለኝም።

ጠቡ ያለው ቆጠራው ላይ ነው። የእነሱ ሰዓት የሚቆጥረው ዝምታን ብቻ ነው። አልፈልግም ብሎ ዝም ያለውንና አፉ ተይዞ ዝም ያለውን አይለይም። ትግራይ ከኅዳር 2020 (በፈረንጆቹ) ጀምሮ ሁለት ዓመት ያህል ያለ ኢንተርኔት ቆየች። ወልድያና አካባቢዋ በ2021 በጦርነቱ ወራት ከሁሉም ነገር ተቆርጠው ነበር። ቀጥሎ ደግሞ የ2023ቱ መጣ። 12 ወር ለሚቆጥር ደንብ ይሄ ሁሉ ሕዝብ «ንብረቱን ጥሎ የሄደ» ነው። ማን ነው ጥሎ የሄደው? ልጁ እኮ እዚያው ግራና ነው፤ ያውም ስልኩን ይዞ ኔትወርክ ሲጠብቅ የከረመ!

«ካምፓኒው ግራና ውስጥ ያለውን ነገር በምን ያውቃል?» ለሚል ሰው፦ የአማራ ክልሉ መዘጋት ምስጢር አልነበረም። እንደ ኔትብሎክስ ያሉ የኢንተርኔት መቋረጥን የሚከታተሉ ድርጅቶች በዚያው ሰሞን በይፋ ዘግበውታል። ከአንድ አካባቢ ይገቡ የነበሩ ተጠቃሚዎች በአንድ ሳምንት ውስጥ እልም ብለው ሲጠፉ ደግሞ ሲስተሙ ያየዋል። ማወቅ አይከብድም፤ የሚከብደው ሰዓቱን ማቆም ነው።

«ደንብ ደንብ ነው» ለሚለውም ምሳሌ አለኝ። ፍሊከር የሚባለው የፎቶ አገልግሎት በኅዳር 2018 (በፈረንጆቹ) ነፃ አካውንት ከ1,000 ፎቶ በላይ እንዳይዝ ወሰነ። ትርፉን ከድሮው ጀምሮ እሰርዛለሁ አለ። ሰው ተቆጣ። ግን ምን አደረገ? ፎቶውን አውርዶ ለመጨረስ ጊዜ ያነሰው ሰው ሲበዛ ከየካቲት ወደ መጋቢት 2019 ቀኑን ገፋ። ለሕዝብ በነፃ ፈቃድ የተለቀቁ ፎቶዎችንና በሞት የተለዩ ሰዎች መታሰቢያ የሆኑ አካውንቶችን ከስረዛው ነፃ አደረገ። ስለዚህ ልዩ ሁኔታ ማስገባት ይቻላል። ለሞተ ሰው ከቆመ፣ መስመሩ ለተቆረጠበት በሕይወት ላለ ሰው መቆም ያቅተዋል?

እሺ፣ ንዴቴን ላሳርፈውና ወደ ኢሜይሉ ልመለስ።

የልጁ የመጀመሪያ ኢሜይል ልብ ይነካል፤ ግን የሚያነበው ሰው ምንም ሊያደርግበት አይችልም። ከማን አካውንት? የትኞቹ ፎቶዎች? መቼ ነበሩ፣ መቼ ጠፉ? ይሄን ያልያዘ ኢሜይል ማሽኑ «ፎቶ ጠፋ» ከሚለው ክምር ውስጥ ይጨምረውና የተዘጋጀውን መልስ ይልካል። ልመና ለሰው ነው የሚሠራው፤ ሰው ጋ ለመድረስ መጀመሪያ ማስረጃ ያስፈልጋል።

ደግሞ ፎቶ የሚጠፋበት መንገድ አንድ አይደለም። አንዳንዴ ጭራሽ አልጠፋም፤ ሰውየው የገባው በሌላ ኢሜይል ነው። አንዳንዴ ስልክ ሞልቶበት «ቦታ ላስለቅቅ» ብሎ ስልኩ ላይ ያለውን ሲሰርዝ፣ ሁለቱ የተያያዙ ስለሆኑ ላይ ያለውም አብሮ ይሰረዛል። እንዲህ ከሆነ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ የተወሰነ ቀን ይቆያል፤ ጎግል ፎቶስ ላይ ለምሳሌ ባክአፕ የተደረገው 60 ቀን። አንዳንዴ አካውንቱ ተሰርቋል። አንዳንዴ ጥፋቱ የራሱ የካምፓኒው ነው፤ ማይስፔስ ሰርቨር ሲያዛውር የብዙ ዓመት ፎቶና ሙዚቃ እንደጠፋበት በ2019 አምኗል፤ እዚያ ላይ ኢሜይልም አልረዳ። የእኛ ልጅ ጉዳይ ደግሞ የቆጠራ ጉዳይ ነው። ኢሜይሉ ከነዚህ የትኛው እንደሆነ መናገር አለበት፤ አለዚያ የምትጠይቀው ሌላ፣ የሚመልሱልህ ሌላ ይሆናል።

ሁለተኛውን ኢሜይል አብረን ጻፍነው። የተላከው በእንግሊዝኛ ነው፣ ያውም ከአካውንቱ ከራሱ አድራሻ። በአማርኛ እንዲህ ይነበባል፦

«ይህን የምጽፈው በተመዘገብኩበት ኢሜይል ነው። በአካውንቴ 31 አልበም፣ 2,300 ያህል ፎቶ ነበረኝ። ለመጨረሻ ጊዜ የገባሁት ጁን 25 ቀን 2023 ነው። ከኦገስት 2023 ጀምሮ ያለሁበት የኢትዮጵያ አማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ስለነበር መግባትም ሆነ ማስጠንቀቂያችሁን ማየት አልቻልኩም። ከፋይሎቹ የአንዱ ስም IMG_20230520_091244.jpg ነው፤ ያለበትን አልበም ሊንክና ባዶውን ገጽ የሚያሳይ ስክሪንሾት አያይዣለሁ። ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። ፎቶዎቹ የተሰረዙት በየትኛው ቀን ነው? ባክአፕ ውስጥ ካሉ እስክትመረምሩት ድረስ ከዚያም እንዳይጠፉ ያዙልኝ። የማይመለሱ ከሆነ የአልበሞቹንና የፋይሎቹን ስም ዝርዝር ላኩልኝ።»

ቀኖቹን ልብ በሉ። በመጀመሪያ ረቂቁ ላይ ልጁ «ግንቦት 12 ቀን 2015 ጠዋት 3 ሰዓት የተነሳ ሰርግ» ብሎ ነበር። እኛ ጋ ትክክል ነው። እዚያ ያለው ሠራተኛ ግን 2015ን በራሱ አቆጣጠር ያነበዋል፣ 3 ሰዓትንም ከሌሊቱ 9 ሰዓት አድርጎ ይወስደዋል፤ ስምንት ዓመት ወደኋላ ሄዶ ይፈልግና «እንዲህ ያለ ነገር የለም» ይላል። ትክክለኛው ሜይ 20 ቀን 2023፣ 9፡00 በምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት ነው። የፋይሉ ስም ውስጥ ያለው 20230520 ራሱ ይሄንኑ ቀን ነው የሚናገረው። ሰው በቀን ስህተት ብቻ ንብረቱን ሊያጣ ይችላል።

በዚህኛው ኢሜይል ሰው መለሰለት። ስም ያለው ሰው። መልሱ ግን መራራ ነው፦ ፎቶዎቹ የተሰረዙት 12 ወሩ እንደሞላ ነው፤ ባክአፕ የሚያዝበት ጊዜም አልፏል፤ አይመለሱም። የአልበሞቹን ስም ዝርዝር ግን ላኩለት። ለኢንተርኔቱ መዘጋት የሰጡት መልስ አንዲት «እናዝናለን» ናት።

ዝርዝሩ ጠቅሟል። የማን ሰርግ፣ የማን ተዝካር እንደነበር ስላወቀ ባለቤቶቹን አንድ በአንድ ጠየቀ። ብዙዎቹ በቴሌግራም የላከላቸው አላቸው። ቴሌግራም ግን ተራ ፎቶ አድርጎ ሲልክ መጠኑን ያሳንሰዋል፤ በስልክ ያምራል፣ ታትሞ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ይደበዝዛል። «በፋይል» መልክ የላካቸው ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው እንደነበሩ የተገኙት። የቀረው ቀርቷል። ከቀሩት ውስጥ ሌላ ፎቶ የሌላቸው አንድ አዛውንት አሉ፤ ልጆቻቸው እስካሁን ይጠይቁታል።

ይሄን ሲሰሙ ደግሞ «ፎቶህን እናስመልስልሃለን» የሚሉ ሰዎች በውስጥ መስመር መጡለት። መጀመሪያ ብር፣ ቀጥሎ ስልኩ ላይ የሚመጣውን ኮድ ጠየቁት። ከካምፓኒው ሰርቨር የተሰረዘን ፎቶ ከውጭ ሆኖ የሚያወጣ ማንም የለም። ኮዱን ከሰጣችሁ የቀረውን አካውንትም ትሰጣላችሁ።

ስለዚህ እንዲህ እላለሁ። ለልጁ «ጥፋቱ ያንተ ነው» የምትሉ፣ ተዉት። ኢንተርኔቱን የዘጋው እሱ አይደለም፤ ሰዓቱን የቆጠረውም እሱ አይደለም። እናንተም እንዲህ የደረሰባችሁ ካላችሁ ኢሜይሉን ጻፉ፤ ዛሬውኑ ጻፉ፣ ምክንያቱም መጣያውም ባክአፑም ቀን ይቆጠርበታል። ፎቶው ባይመለስ እንኳ «ኢንተርኔት ተዘግቶብኝ ነበር» የምትለዋን መስመር አትተዉ። አንድ ሰው ሲጽፋት ሰበብ ትመስላለች። ሺህ ሰው ከነቀኑ ሲጽፋት ግን ደንቡን ያወጣው ክፍል ጠረጴዛ ላይ ትደርሳለች። የምንጠይቀው ውለታ አይደለም፤ መስመሩ በተቆረጠበት ቀን ሰዓቱም ይቁም ነው የምንለው።

የደረሰባችሁን ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። ቸር እንሰንብት።