መኪናው ወደ አንድ ጎን ሲስብ፦ ጎማው ነው ወይስ አላይመንቱ?

በቀጥተኛ መንገድ ላይ እየነዳችሁ ነው። መሪውን ለቀቅ ስታደርጉት መኪናው ቀስ እያለ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ሰዎች ይህን «መኪናው ይስባል» ይሉታል። ብዙዎች ወዲያው ጋራዥ ሄደው አላይመንት ያሠራሉ፤ ማለትም ጎማዎቹ የሚቆሙበትን አቅጣጫና ዘንበል የሚሉበትን መጠን ያስተካክላሉ። ጥፋቱ የጎማው ከሆነ ግን ገንዘቡ ይከፈላል፤ መኪናው መሳቡን አይተውም።

መጀመሪያ ሌሎች ምክንያቶችን እናስወግድ። መኪናው የሚስበው ፍሬን ስትይዙ ብቻ ከሆነ ፍሬኑን አስመርምሩ። መኪናው በቀጥታ እየሄደ መሪው ብቻ ጠመም ብሎ ከቆመ ደግሞ ያ መሳብ አይደለም፤ እርሱ የአላይመንት ሥራ ነው። መንገዱም ያታልላል። ብዙ መንገድ የዝናብ ውሃ እንዲወርድ ወደ ዳር ዘቅዘቅ ተደርጎ ይሠራል። ስለዚህ በቀኝ በኩል በሚነዳባቸው እንደ አሜሪካና ጀርመን ባሉ አገሮች መኪናው ትንሽ ወደ ቀኝ ቢያዘነብል አይገርምም። በእንግሊዝ ደግሞ ወደ ግራ ነው። ፈተናውን ሜዳ በሆነ፣ መኪና በሌለበት ቦታ አድርጉት።

ቀጥሎ የጎማውን ነፋስ ለኩ። ትክክለኛው መጠን በሾፌሩ በር ክፈፍ ላይ ተጽፏል። የምትለኩት ጎማው ሲቀዘቅዝ፣ ለምሳሌ ጠዋት ከመንዳታችሁ በፊት ነው። በሩ ላይ 33 ፒኤስአይ ተጽፎ የፊት ግራው 33፣ የፊት ቀኙ 26 ቢሆን መኪናው ወደ ቀኝ ይስባል። ነፋሱ ያነሰው ጎማ ይተኛል፤ ሲንከባለልም ይከብዳል። ነፋሱን አስተካክላችሁ እንደገና ንዱ።

አሁንም ከሳበ ዋናው ፈተና ይመጣል፦ የፊት ሁለቱን ጎማዎች ማቀያየር። የግራው ወደ ቀኝ፣ የቀኙ ወደ ግራ ይሄዳል። ክሪክና ልምድ ከሌላችሁ ጎሚስታ ይሥራላችሁ። ከዚያ በዚያው ቦታ እንደገና ንዱ።

መኪናው አሁን ወደ ግራ ከሳበ ጥፋቱ ከጎማዎቹ ነው። ለምን? የቡና ሲኒ በጎኑ አስተኝታችሁ በጠረጴዛ ላይ አንከባሉት። ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ወደ ጠባቡ ጫፍ ይዞራል። አንዳንድ ጎማም ውስጡ ያለው የሽቦ ቀበቶ ከመሃል ትንሽ ስለሚርቅ እንደ ሲኒው ይሆናል። ከውጭ ሲያዩት ግን ምንም አይታይም፤ አዲስ ጎማም ይህ ሊኖርበት ይችላል። ጎማው ከቀኝ ወደ ግራ ሲዛወር ጠባቡ ጎኑም አብሮት ስለሚዞር መኪናው የሚስብበት አቅጣጫ ይገለበጣል። የትኛው ጎማ እንደሆነ ለማወቅ አንዱን የፊት ጎማ በዚያው ጎን ካለው የኋላ ጎማ ጋር ቀይሩ። መሳቡ ከጠፋ አገኛችሁት። ይህን ጥፋት አላይመንት አይጠግነውም። ጎማው አዲስ ከሆነ ወደ ሻጩ መልሱት።

መሳቡ በመቀነስ ብቻ ከተወሰነ ወይም ከጠፋ ጎማዎቹ ቢያንስ ድርሻ አላቸው። ምንም ካልተለወጠና አሁንም ወደ ቀኝ ከሳበ ግን ጎማዎቹን ተዉአቸው፤ አሁን አላይመንቱ ይለካ።

አንድ ጥንቃቄ አለ። በጎማው ጎን ላይ የመዞሪያ አቅጣጫን የሚያሳይ ቀስት ካለ ግራና ቀኝ አታቀያይሩ። የአራቱም ጎማዎች መጠን አንድ ከሆነ በየጎኑ የፊቱን ከኋላው ጋር ቀይሩ። መሳቡ ከጠፋ ከፊት የነበሩት ጎማዎች ናቸው።

አላይመንት ስታሠሩ ከማስተካከላቸው በፊት የተለካውን ቁጥር አትመው እንዲሰጧችሁ ጠይቁ። በወረቀቱ ላይ «ካምበር» የሚለውን ፈልጉ። እርሱ የጎማው አናት ወደ ውጭ ወይም ወደ ውስጥ ያዘነበለበት መጠን ነው። የመደመር ምልክት ወደ ውጭ፣ የመቀነስ ምልክት ወደ ውስጥ ማለት ነው። የፊት ግራው -0.2 ዲግሪ፣ የፊት ቀኙ +0.8 ዲግሪ ነው እንበል። ልዩነቱ 1 ዲግሪ ነው፤ ይህ ብዙ ነው። መኪናው አናቱ ይበልጥ ወደ ውጭ ወዳዘነበለው ጎማ፣ ማለትም ወደ ቀኝ ይስባል።

እንዲህ ያለ ልዩነት ብዙ ጊዜ የሚመጣው ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ወይም የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ላይ በኃይል ሲመታ ነው። በብዙ መኪኖች ላይ የፊት ካምበር ማስተካከያ ብሎን የለም። ስለዚህ መካኒኩን «የተጣመመ ዕቃ አለ?» ብላችሁ ጠይቁት። የተጣመመው ሳይቀየር ሌላውን ማስተካከል መሪውን ቀጥ ሊያደርግ ይችላል፤ መኪናው ግን መሳቡን ይቀጥላል።