«ዴስኩ ሞልቷል!»

ወገኖቼ፣ «ስላቅ ያልገባው አንባቢ የራሱ ጉዳይ ነው» የምትሉ አላችሁ። እኔም እንደዚያ እል ነበር።

ባለፈው ተርም በማስተምርበት የካምፕ ክፍል 90 ተማሪዎች 15 ዴስክ ነበራቸው። አንድ ማታ በሽቄ የወላጆች ቴሌግራም ግሩፕ ላይ እንዲህ ብዬ ለጠፍኩ፦ «ዴስኩ ሞልቷል! ነገ እያንዳንዱ ተማሪ መቀመጫ ድንጋይ ይዞ ይምጣ።» ጓደኞቼ ሳቁ። በማግስቱ ጠዋት አንድ የ14 ዓመት ተማሪዬ ድንጋይ ታቅፎ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። እናቱ አንብባ ነው የላከችው።

እናትየው ምን አጠፋች? እኔ «ሞልቷል» ስል «ተትረፍርፏል» ማለቴ ነበር። እሷ ያነበበችው «ቦታ የለም» ብላ ነው። አጠገቧ ሆኜ ቃሉን ጎተት አድርጌ ብናገረው ወዲያው ይገባት ነበር። ፊደሉ ግን ድምፄን አልያዘም። ደግሞስ ካምፕ ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ መማር ምን ብርቅ ነው? በዚያ ላይ «ይዞ ይምጣ» ያለው መምህር ነው። መምህር ሲያዝ ወላጅ ይፈጽማል።

አሁን ብጽፈው እንዲህ እለዋለሁ፦ «ለ90 ተማሪ 15 ዴስክ! በዚህ ከቀጠልን ትርፉን ለጎረቤት አገር ኤክስፖርት እናደርጋለን¡» እውነቱ በቁጥር እዚያው አረፍተ ነገር ውስጥ አለ። ውሸቱ ደግሞ ማንም የማያምነው ነው። ትእዛዝም የለበትም፤ ስለዚህ ባይገባ እንኳ ድንጋይ የሚሸከም ልጅ አይኖርም።

መጨረሻ ላይ ያለችውን የተገለበጠች ቃለ አጋኖ አያችኋት? ትእምርተ ስላቅ ትባላለች። ስፓኒሾች ይህንኑ ምልክት አረፍተ ነገር ሲጀምሩ ይጠቀሙበታል፤ በእኛ አጻጻፍ ግን መጨረሻ ላይ ገብታ «ይህ ከልብ አይደለም» ትላለች። በብዙ ስልኮች የእንግሊዝኛው ኪቦርድ ላይ ! የሚለውን ተጭናችሁ ብትቆዩ ¡ ይመጣላችኋል። እንግሊዝኛ ጸሐፊዎች ለዚሁ ሥራ /s ይጽፋሉ፤ እኛ የራሳችን እያለን መበደር አያስፈልገንም።

ምልክቷ ብቻዋን ግን ቀልድ አታድንም። የማያውቃት ብዙ ነው፤ ጽሑፉን ለጎረቤቱ በቃል የሚነግር ሰውም ይጥላታል። ስለዚህ ከመለጠፌ በፊት ምልክቷንና ስሜን በሐሳቤ እሸፍንና እጠይቃለሁ፦ እኔን የማያውቅ ሰው ይህን ከልብ የተጻፈ ነው ብሎ ሊያምን ይችላል? የሚችል ከሆነ ውሸቱን አገንነዋለሁ፣ ወይም ቀልዱን ትቼ ቅሬታዬን በቀጥታ እጽፋለሁ። ማስታወቂያ በሚለጠፍበት ግሩፕ ውስጥ ግን ስላቅ አልጽፍም። እዚያ የሚያነበው ወላጅ ነገ ልጁ ምን ይዞ እንደሚሄድ ለማወቅ ነው የሚገባው።

ድንጋዩ እስካሁን ክፍላችን ውስጥ አለ። በሩ በነፋስ እንዳይዘጋ እናስደግፈዋለን።