ቅጥር ሲታገድ አገልግሎት እንዳይጓደል

የአንድ ከተማ ገንዘብ ሲያጥር ብዙ ጊዜ በመጀመሪያ የሚታገደው የአዲስ ሠራተኛ ቅጥር ነው። ሥራ አስኪያጁም ለየክፍሉ ኃላፊዎች ማስታወሻ ይጽፋል፤ በመጨረሻውም ላይ «አገልግሎቱ ሳይጓደል» የሚል ቃል ይጨምርበታል። እኛም ዛሬ ለመመርመር የፈለግነው ይህ ቃል እንዴት ሊፈጸም እንደሚችል ነው።

ቅጥር ሲታገድ የትኛው ቦታ ባዶ እንደሚቀር የሚወስነው ሥራ አስኪያጁ ሳይሆን አጋጣሚ ነው። ጡረታ የወጣው ወይም የተሻለ ደመወዝ ያገኘው ሰው ይሄዳል፤ ትርፍ ሰው ያለበት ክፍል ግን እንዳለ ይቀራል። የአሜሪካ መንግሥት ሒሳብ መርማሪ መሥሪያ ቤት በካርተርና በሬገን ዘመን የታወጁትን የቅጥር እገዳዎች መርምሮ በ1982 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት፣ እገዳዎቹ የሠራተኛውን ቁጥር እምብዛም እንዳልቀነሱና ሥራን እንዳወኩ ገልጿል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በ1995 ዓ.ም. የወጣው የኦሮሚያ ከተሞች አዋጅ ቁጥር 65 የከተማን ሥራ መንግሥታዊና ማዘጋጃ ቤታዊ ብሎ ለሁለት ከፍሎታል። እንደ ጽዳት ያለው ማዘጋጃ ቤታዊ ሥራ በመሠረቱ የሚካሄደው ከተማው ራሱ ከሚሰበስበው ገቢ ነው። ስለዚህ ማስታወሻው ያጠረው የየትኛው ኪስ ገንዘብ እንደሆነ አስቀድሞ መናገር አለበት። የክልሉ ድጎማ አነሰ ተብሎ የጠራጊ ቅጥር ቢታገድ ለክልሉ ግምጃ ቤት የሚተርፍለት ነገር የለም።

አሁን ደግሞ ለምሳሌ ያህል በጅማ ከተማ በበቾ ቦሬ ቀበሌ አንድ የልደት ምዝገባና የመታወቂያ መስኮት አለ እንበል። አራት ጸሐፊዎች እያንዳንዳቸው በቀን 12 ሰው ቢያስተናግዱ 48 ይሆናል፤ የሚመጣውም ባለጉዳይ 44 ነው እንበል። አንዱ ጸሐፊ ቢሄድ ግን የሚስተናገደው 36 ብቻ ስለሚሆን በየቀኑ 8 ሰው ያድራል። በ20 የሥራ ቀን 160 ሰው ይጠራቀማል፤ በዕለቱ ያልቅ የነበረውም ጉዳይ ከአራት ቀን በላይ ይፈጃል። የቀሩትን ሦስት ጸሐፊዎች «ትጉ» ማለት ይህን ሒሳብ አይለውጠውም።

የሚለውጠው የሚመጣውን ሰው መመርመር ነው። ከ44ቱ 11 የሚሆኑት ማስረጃ ጎድሏቸው የሚመላለሱ ቢሆኑ፣ የሚያስፈልጉት ወረቀቶች ዝርዝር በአማርኛና በኦሮምኛ በር ላይ ቢለጠፍና ዘበኛው ወረፋው ላይ ቢያሳስብ ቁጥሩ ወደ 33 ሊወርድ ይችላል። ይህም ለሦስት ጸሐፊዎች አቅም የሚበቃ ነው። ነገር ግን ይህ የሚደረገው ማስታወሻው በደረሰበት ቀን መሆን አለበት፤ 160 ሰው ከተጠራቀመ በኋላ ቢጀመር፣ በቀን የሚተርፈው የ3 ሰው ቦታ ብቻ ስለሆነ ውዝፉን ለመጨረስ ከ50 የሥራ ቀን በላይ ይፈጃል።

ኃላፊዎች ሁለት ምልክቶችን ይጠብቁ። አንደኛው፣ የታገደው ቅጥር የቀን ሠራተኛ በሚል ስም ከሥራ ማስኬጃ ሒሳብ ተመልሶ መግባቱ ነው፤ ያን ጊዜ ወጪው ቦታውን ለወጠ እንጂ አልቀነሰም። ሁለተኛው፣ ቁጥር ያልደረሳቸው ባለጉዳዮች «ነገ ተመለሱ» ተብለው ሳይመዘገቡ መቅረታቸው ነው፤ መዝገቡ ያማረ ይመስላል፣ ወረፋው ግን ከበር ውጭ ነው። ስለዚህ ሥራ አስኪያጁ በየሳምንቱ ሊጠይቅ የሚገባው የተስተናገደውን ሰው ብዛት ብቻ ሳይሆን፣ ከሁሉ አብልጦ የቆየው ባለጉዳይ ስንት ቀን እንደጠበቀ ነው።