ዕድገቱ አንድ ነው፣ ቦታው ግን ሁለት

የመንገድ አዋጭነት ጥናት ሲቀርብ ክርክሩ በግንባታው ወጪ ላይ ይሆናል። ውሳኔውን የሚያዞረው ግን ብዙ ጊዜ ማንም የማይጠይቅበት አንድ ቁጥር ነው፤ የማኅበራዊ ቅናሽ ተመን። ከሃያ ዓመት በኋላ የሚገኝ ጥቅም ዛሬ ስንት ብር ተብሎ እንደሚቆጠር የሚወስነው እሱ ነው።

ይህን ተመን ከባንክ የብድር ወለድ የሚቀዱ አሉ። ወለዱ የዋጋ ንረትን በውስጡ ይዟል፤ የመንገዱ ጥቅም ደግሞ በዛሬ ዋጋ የተሰላ ነው፤ ሁለቱ አይገናኙም። የተሻለው መንገድ ፍራንክ ራምዚ በ1928 እ.ኤ.አ. ካቀረበው ሐሳብ የመጣው ነው። በዚህ ስሌት ተመኑ ሁለት ክፍል አለው። አንዱ ጥቅም ስለዘገየ ብቻ የሚቀነስ ነው። ሌላው የነገው ሰው ከዛሬው ይልቅ ባለጸጋ ስለሚሆን፣ አንድ ተጨማሪ ብር ለእሱ ያላት ፋይዳ ማነሱን ያሰላል። የብሪታንያ ግምጃ ቤት በ2003 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለመጀመሪያው 1.5፣ ለሁለተኛው 2 ከመቶ ይዞ 3.5 ላይ ደረሰ።

እንግዲህ ተመኑ ውስጥ የዕድገት ትንበያ አለ። ሌላ ቦታም አለ፤ በተሽከርካሪ ብዛት ትንበያው ውስጥ። ጥናቶች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው።

ለምሳሌ 100 ሚሊዮን ብር የሚፈጅ የወረዳ መንገድ እናስብ። በመጀመሪያው ዓመት 5 ሚሊዮን ብር የተጣራ ጥቅም ይሰጣል፤ ጥቅሙም እንደ ተሽከርካሪው ብዛት ለ30 ዓመት ከነፍስ ወከፍ ገቢው ዕድገት እኩል ያድጋል። ለመዘግየቱ 1 ከመቶ፣ በዚያ ላይ የዕድገቱን አንድ ተኩል እጥፍ እንጨምር። ዕድገቱ 2 ከመቶ ከሆነ ተመኑ 4 ይሆናል፤ ጥቅሙ ዛሬ 110 ሚሊዮን ስለሚያወጣ መንገዱ ያዋጣል። ዕድገቱ 5 ከሆነ ተመኑ 8.5 ይደርሳል፤ ጥቅሙ 89 ሚሊዮን ብቻ ነው፤ አያዋጣም። ፈጣን ዕድገት መንገዱን ማክሰሩ ግር ይል ይሆናል፤ ነገሩ ግን ትክክል ነው፤ ዛሬ በድህነት ካለው ሰው ተወስዶ ለነገው ባለጸጋ የሚሰጥ ብር ዋጋው ይቀንሳል።

አሁን ለተሽከርካሪው 5 ከመቶ፣ ለተመኑ 2 ከመቶ ዕድገት እንያዝ። ውጤቱ 166 ሚሊዮን ይሆናል። አንድም የተሳሳተ ስሌት የለበትም፤ ብቻ በአንድ ሰነድ ውስጥ ሁለት አገር አለ።

ለጤና ጣቢያ ነገሩ ይለያል። ሰው ሲበለጽግ አንድ ጤናማ ዓመት የሚሰጠው ፋይዳ አይቀንስምና የብሪታንያ ግምጃ ቤት ለጤና ጥቅም የዕድገቱን ክፍል ትቶ በ1.5 ያሰላል። ስለዚህ መንገዱንና ጤና ጣቢያውን በአንድ ተመን አወዳድሮ ጤና ጣቢያው ተሸነፈ ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው።

ጥናት ሲቀርብላችሁ የተሽከርካሪ ትንበያውንና የቅናሽ ተመኑን ጎን ለጎን አስቀምጡና ዕድገቱ አንድ መሆኑን እዩ። ካልሆነ ጥናቱን ለአዘጋጁ መልሱ።