ከውጭ የመጣው ልጅ ጥላ

በብዙ ሳሎን ግድግዳ ላይ አንድ ዓይነት ፎቶ ተሰቅሏል። ቤተሰቡ ተሰብስቦ ቆሟል፤ ባሕር ማዶ ያለው ልጅ ወይም በሞት የተለየው አባት ደግሞ ከሌላ ፎቶ ተቆርጦ መሐላቸው ገብቷል። እናት በፎቶው ትጽናናለች፤ እንግዳ ግን ገና እንዳየው «ይሄኛው በኋላ የገባ ነው» ይላል። ቁመቱ ልክ ነው፣ አቆራረጡም ንጹሕ ነው። የሚያሳብቀው ጥላው ነው።

የፎቶ ቤቶች የተለመደ መፍትሔ ከእግሩ ሥር ጠቆር ያለ ጥላ መሳል ነው። ስሕተቱም የሚጀምረው እዚያው ላይ ነው።

አሊዩ አምባ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናት። ቤተሰቡ መስከረም 17፣ በመስቀል ዕለት፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ገደማ ደጅ ላይ ፎቶ ተነሣ እንበል። በዚያ ሰዓት ፀሐይ በምሥራቅ በኩል ከአድማስ 40 ዲግሪ ያህል ከፍ ብላለች። ስለዚህ 1 ሜትር ከ70 ቁመት ያለው ሰው ጥላ ወደ ምዕራብ ወደ 2 ሜትር ይረዝማል። የልጁም ጥላ በዚያው አቅጣጫና በዚያው መጠን መውደቅ አለበት።

የውጭ ማስተማሪያ ቪዲዮ ያየ ሰው «የቀትር ጥላ ወደ ሰሜን ነው» ብሎ ሊነሣ ይችላል። ለአውሮፓ እውነት ነው፤ ለሸዋ ግን ግማሽ እውነት። በታኅሣሥ የዚያው ሰው የቀትር ጥላ ከ1 ሜትር በላይ ሆኖ ወደ ሰሜን ይወድቃል። በሰኔ ግን ፀሐይ ከአናት አልፋ ወደ ሰሜን ስለምታዘነብል ጥላው ወደ ደቡብ ይዞራል፤ ርዝመቱም ከግማሽ ሜትር አይደርስም። ሌላም አለ። አሊዩ አምባ ከአንኮበር ተራራ በስተምሥራቅ ዝቅ ብላ የምትገኝ ናት። ወደ ማታ ፀሐይዋ ከተራራው ጀርባ ስትገባ ሰማዩ ገና ብሩህ ሆኖ ሳለ መሬት ላይ ጥርት ያለ ጥላ አይኖርም። በዚያ ሰዓት ፎቶ ውስጥ ስል ጥላ ይዞ የቆመ ሰው ካለ፣ ከሌላ ቦታ መጥቷል።

አቅጣጫውን ያስተካከለ ባለሙያም ብዙ ጊዜ በጥላው ልስላሴ ይወድቃል። ፀሐይ ነጥብ አይደለችም፤ ሰማይ ላይ የግማሽ ዲግሪ ያህል ስፋት አላት። በዚህ ምክንያት የጥላው ጠርዝ እግር አጠገብ እንደ ምላጭ ስል ሲሆን፣ ከእግር እየራቀ ሲሄድ ይለሰልሳል። በመስቀሉ ፎቶ የጭንቅላቱ ጥላ ጠርዝ 2 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ስፋት ያለው ብዥታ ይኖረዋል። መላውን ጥላ በአንድ ልክ Gaussian Blur ማደብዘዝ ግን እግሩን ያሳስተዋል፤ ሰውዬው መሬት የነካ አይመስልም፣ ይንሳፈፋል። ብዥታው ከጫማው ዜሮ ተነሥቶ ወደ ጭንቅላቱ ቀስ በቀስ መጨመር አለበት። ለዚህ ትክክለኛው መለኪያ ከጎኑ የቆመው ወንድሙ ጥላ ነው።

ይህ ሁሉ ተሟልቶም ፊት ይቀራል። ልጁ ዋሽንግተን ላይ በደመናማ የክረምት ቀን የተነሣ ከሆነ ብርሃኑ ከመላው ሰማይ የመጣ ነው፤ ከአፍንጫው ሥር ጥላ የለም፣ ሁለቱም ጉንጮቹ እኩል በርተዋል። የእናቱ ፊት ግን ግማሹ በጠዋት ፀሐይ በርቷል፣ ግማሹ ጠቁሯል። መሬት ላይ የተሳለ ጥላ ይህን አያስታርቅም። ፎቶውን መገልበጥም የሚረዳው ፊቱ ላይ የጎን ብርሃን ካለ ብቻ ነው፤ ያኔም የሸሚዙ ቁልፍ በሴት ወገን ይሆናል፣ ሰዓቱም እጅ ይቀይራል።

በዜና ፎቶ ላይ «ጥላዎቹ ትይዩ አይደሉም፣ ሐሰት ነው» ብሎ መቸኮልም ከዚሁ ጋር መታየት አለበት። በፕሬዚዳንት ኬኔዲ ግድያ የተከሰሰው ሊ ሃርቪ ኦስዋልድ ጠመንጃ ይዞ የተነሣው ፎቶ፣ የአፍንጫውና የሰውነቱ ጥላ አይገጥምም ተብሎ ለዓመታት ሲከሰስ ኖሯል። በ2009 የምስል ምርመራ ባለሙያው ሃኒ ፋሪድ ትዕይንቱን በኮምፒውተር ሠርቶ ሲፈትሽ፣ ሁለቱም ጥላዎች ከአንድ ፀሐይ ሊወጡ እንደሚችሉ አሳየ። ወጣ ገባ መሬትና የካሜራው ዕይታ ጥላን ያጣምማሉ። የሚሻለው ፈተና ከጥላው ጫፍ ጥላውን እስከጣለው ነገር ጫፍ ድረስ መሥመር እየሳሉ ማስረዘም ነው። ብርሃኑ አንድ ከሆነ መሥመሮቹ ሁሉ፣ ከፎቶው ውጭም ቢሆን፣ ወደ አንድ ነጥብ ያመራሉ። የተጨመረው ሰው መሥመር ብቻውን ወደ ሌላ ይሄዳል።

ስለዚህ ፎቶ ቤቱ የልጁን ፎቶ ቀድሞ ማየት አለበት፤ የቤተሰቡ ፎቶ በዚያ ይወሰን። ልጁ በደመና ከተነሣ ቤተሰቡ በረንዳ ጥላ ውስጥ ይቁም፤ ያኔ ከጫማው ሥር ቀጭን ጥቁረት ብቻ ይበቃል። ቤተሰቡ በፀሐይ ተነሥቶ ካለቀ ደግሞ ልጁ ጠዋት ፀሐይ ወጥቶ፣ ብርሃኑን እናቱን በመታበት ጎን አድርጎ፣ እግሩና ጥላው ሳይቆረጥ እንደገና ተነሥቶ ይላክ። በስልክ አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው።