ስለታዘዘ ነው ወይስ ልክ ስለሆነ?

አዳማ ላይ ቡና እየጠጣን አንዱ ጓደኛዬ «መስረቅ ክፉ የሆነው ፈጣሪ ስለከለከለው ነው» አለ። ባይከለክለውስ ኖሮ፣ ጥሩ ይሆን ነበር?

በ17ኛው ክፍለ ዘመን ፈላስፋ በዘርዓ ያዕቆብ ስም የሚታወቀው «ሐተታ» (ደራሲው ማን እንደሆነ ምሁራን አሁንም ይከራከራሉ) እንዲህ አያስብም። ሰው እንደ ከብት እንዲሸጥ የሚፈቅድ ሕግ ከእግዚአብሔር ሊመጣ አይችልም ይላል፤ ሰዎች በፈጣሪ ፊት እኩል ናቸውና። ልብ በሉ፣ መጀመሪያ ሕጉን መዘነ፣ ከዚያ ነው የማን እንደሆነ የፈረደው።

«ታዲያ ሰው ፈጣሪ ላይ ዳኛ ሊሆን ነው?» ትሉ ይሆናል። ለሱ ሚዛኑን፣ ማለትም ልቦናን፣ የሰጠው ራሱ ፈጣሪ ነው።

እኔን ያሳምነኛል። ግን ባሪያ አሳዳሪውም ልቦና ነበረው፤ እዚህ አገር ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው! ሐተታው ለዚህም መልስ አለው፦ ሰው መመርመር ስለሚከብደው ከአባቶቹ የሰማውን ዝም ብሎ ይቀበላል።